ገንዘቡ ገባ ወይስ መልእክቱ ብቻ?

ያገለገለ ላፕቶፕ የሚሸጥ ሰው አለ እንበል። ከገዢው ጋር በ18,500 ተስማምተዋል። ገዢው «በስልክ ልላክልዎ» ብሎ ቁጥሩን ይቀበላል፣ ስልኩን ለጥቂት ጊዜ ይነካካል፣ ከዚያም «ልኬያለሁ፣ ይመልከቱት» ይላል። ወዲያው የሻጩ ስልክ ድምፅ ያሰማል። መልእክቱ ሲከፈት ምንም የጎደለው ነገር የለም፤ የገባው ገንዘብ መጠን፣ የላኪው ሙሉ ስም፣ ቀንና ሰዓት፣ ረጅም የግብይት ቁጥር፣ አዲሱ ቀሪ ሂሳብ፣ መጨረሻ ላይም የአገልግሎቱ የተለመደ የምስጋና ቃል ተጽፏል። ሻጩን ይበልጥ ያሳመነው ግን ሌላ ነገር ነው። መልእክቱ የመጣው ከማይታወቅ ስልክ ቁጥር አይደለም። ባለፈው ሳምንት እህቱ ገንዘብ ስትልክለት የደረሰው እውነተኛ መልእክት በተቀመጠበት በዚያው ገጽ ላይ፣ በአገልግሎቱ ስም፣ ከእርሱ ቀጥሎ ነው ያረፈው። ሻጩ ላፕቶፑን ከነቻርጀሩ አስረከበ። ማታ ለሌላ ጉዳይ ሂሳቡን ሲከፍት ያገኘው ጠዋት የነበረውን 2,140 ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ከዘመድም ከጎረቤትም መጀመሪያ የሚሰማው «ምነው አላየህም ነበር?» የሚል ወቀሳ ነው። ይህ ወቀሳ ሁልጊዜ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ሰውዬው አይቷል። የላኪውን ስም አይቷል፣ መጠኑን አይቷል፣ መልእክቱ ከየት እንደመጣ አይቷል። ስህተቱ አለማየቱ አይደለም፤ ያየው ነገር ስለ ገንዘቡ ምንም የማይናገር መሆኑ ነው። ለምን እንደማይናገር ለመረዳት አጭር የጽሑፍ መልእክት እንዴት እንደተሠራ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው አጭር የጽሑፍ መልእክት የተላከው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1992 ነው፤ ይዘቱም የገና ሰላምታ ነበር። ይህን አሠራር የነደፉት ሰዎች በአእምሯቸው የነበረው እስከ 160 ፊደል የሚደርስ አጭር ቃል ከስልክ ወደ ስልክ ማድረስ እንጂ ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ ላኪው በእርግጥ ነኝ ያለው ሰው መሆኑን ተቀባዩ ስልክ የሚያረጋግጥበት መንገድ አላበጁለትም። መልእክቱ ሲጓዝ «ከ» በሚል ቦታ ላይ አንድ ነገር ይጻፍበታል። ከተራ ስልክ ሲላክ እዚያ ላይ የሚሰፍረው የላኪው ስልክ ቁጥር ነው። ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ መልእክት ከሚልኩ ድርጅቶች ኮምፒውተር ሲላክ ግን በቁጥሩ ፈንታ እስከ 11 ፊደል የሚደርስ ስም ማስገባት ይቻላል። ባንኮችና የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶች ስማቸውን የሚያሳዩት በዚህ መንገድ ነው። ስሙን ማን መጠቀም እንዳለበት የሚቆጣጠር አካል በሌለበት ወይም ቁጥጥሩ በላላበት ቦታ ሁሉ፣ ያንኑ ስም ማንም ሊያስገባው ይችላል።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነገር የተቀባዩ የራሱ ስልክ ሥራ ነው። ስልኩ መልእክቶችን የሚደረድረው ላኪ ተብሎ በተጻፈው ስም ነው። ሁለት መልእክቶች አንድ ስም ካላቸው አንዱ ከእውነተኛው አገልግሎት፣ ሌላው ከአጭበርባሪ ቢመጣም በአንድ ገጽ ላይ አስከትሎ ያስቀምጣቸዋል። ሻጩ «ከድሮዎቹ መልእክቶች ጋር ነው የመጣው» ብሎ እንደ ማስረጃ የቆጠረው ነገር ስልኩ ሁለት ተመሳሳይ ስሞችን በአንድ ማኅደር ከማስገባቱ ያለፈ ትርጉም የለውም።

ይህ በሐሳብ ደረጃ ብቻ የሚታወቅ ድክመት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ሲንጋፖር ውስጥ አጭበርባሪዎች በአንድ ባንክ ስም መልእክት ልከው ነበር። መልእክቶቹ ባንኩ ራሱ ከላካቸው ጋር በአንድ ገጽ ላይ ወረዱ፤ ወደ 790 የሚጠጉ ደንበኞችም በድምሩ 13.7 ሚሊዮን የሚሆን የሲንጋፖር ዶላር ተዘረፉ። ያ ማጭበርበር ደንበኞቹን ወደ ሐሰተኛ ድረ ገጽ የሚመራ ስለነበር ከእኛ ሻጭ ጉዳይ ይለያል፤ የተሳሳቱበት ምክንያት ግን አንድ ነው። አገሪቱ ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ያልተመዘገበ የላኪ ስም ይዞ የሚመጣ መልእክት ሳይጣራ እንዳያልፍ፣ በስሙ ፈንታ ማጭበርበር ሊሆን እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ እንዲታይ አደረገች። እንዲህ ያለ ምዝገባ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ሁሉንም ቀዳዳ አይደፍንም። በአነስተኛ ተንቀሳቃሽ አንቴና አማካኝነት በአቅራቢያ ያሉ ስልኮችን ወደ አሮጌው የሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ አውርዶ፣ በኦፕሬተሩ በኩል ሳያልፍ በፈለጉት ስም መልእክት መርጨትም ይቻላል። በዚያ አሮጌ ኔትወርክ ላይ አንቴናው ስልኩን ይፈትሻል እንጂ ስልኩ አንቴናውን አይፈትሽም።

እርግጥ አብዛኛው ሐሰተኛ መልእክት ይህን ያህል አይራቀቅም። ብዙ ጊዜ አጭበርባሪው በራሱ ስልክ የተየበው፣ ከተራ ቁጥር የሚመጣ፣ አንዳንዴም ፊደል የተሳሳተበት ወይም የቁጥሩ ነጠላ ሰረዝ ያለቦታው የገባበት ጽሑፍ ነው። እነዚህን ምልክቶች ማወቅ ይጠቅማል፤ ነገር ግን የሚጠቅሙት በአንድ አቅጣጫ ብቻ መሆኑን መርሳት አይገባም። ጉድለት የተገኘበት መልእክት በእርግጥ ያስጠረጥራል፤ ጉድለት ያልተገኘበት ግን ስላልተገኘበት ብቻ እውነተኛ አይሆንም። ጥሩ አስመሳይ እውነተኛውን መልእክት ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ነው የሚገለብጠው።

አንድ ነገር ግን መገልበጥ ይከብደዋል፤ እሱም የእርስዎ ቀሪ ሂሳብ ነው። ወደ ላፕቶፑ ሻጭ እንመለስ። ጠዋት በሂሳቡ የነበረው 2,140 ነው። 18,500 በእርግጥ ቢገባለት ኖሮ አዲሱ ቀሪ 20,640 መሆን ነበረበት። የደረሰው መልእክት ግን ቀሪው 31,075 እንደሆነ ይናገር ነበር። አጭበርባሪው የሻጩን ሂሳብ ስለማያውቅ ከራሱ ፈጠረው። ሻጩ ትልቁን ቁጥር አየ እንጂ ከጠዋቱ ጋር አላሰላውም። የቀድሞ ቀሪዎን ማወቅና ድምሩን በአእምሮ ማስላት አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ጥሩ ማጣሪያ ነው። ይሁን እንጂ ይህም ቢሆን ማጣሪያ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። አንዳንዱ አስመሳይ የቀሪውን መስመር ጭራሹን ይተወዋል። ሌላው ደግሞ ጠዋት መጥቶ አነስተኛ ዕቃ በእውነተኛ ገንዘብ ይገዛል፣ ሻጩ መልእክቱን ሲከፍት ቀሪውን በዓይኑ ሰርቆ ያነባል፣ ከሰዓት በኋላ ትክክለኛውን ድምር የያዘ ሐሰተኛ መልእክት ይልካል።

ታዲያ ማረጋገጫው ምንድን ነው? የሞባይል ገንዘብ የሚኖረው ስልክ ውስጥ አይደለም፤ በአገልግሎት ሰጪው ዋና ኮምፒውተር ላይ ባለ መዝገብ ውስጥ ነው። ገንዘብ «ተላከ» የሚባለው በዚያ መዝገብ ላይ ከላኪው ሂሳብ ተቀንሶ በእርስዎ ሂሳብ ላይ ሲደመር ነው። መልእክቱ የሚወጣው ከዚያ በኋላ፣ ለማሳወቅ ያህል ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሊለያዩ ይችላሉ። መዝገቡ ተለውጦ መልእክቱ ሊዘገይ፣ አልፎ አልፎም ጨርሶ ላይደርስ ይችላል፤ መዝገቡ ሳይነካ ደግሞ መልእክት የመሰለ ነገር ሊመጣ ይችላል። ዕቃ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት መጠየቅ ያለበት መዝገቡ ነው፤ ጠያቂውም እርስዎ ራስዎ መሆን አለብዎ። ወደ እርስዎ የመጣ ነገር ሁሉ፣ መልእክትም ይሁን የስልክ ጥሪ፣ ከማን እንደመጣ አያውቁም። እርስዎ በራስዎ መንገድ ሄደው የጠየቁት ግን መልሱ የሚመጣው ከጠየቁት አካል ነው።

መዝገቡን ለመጠየቅ ሁለት የተለመዱ በሮች አሉ። አንዱ በኮከብ ምልክት `*` ጀምሮ በመሰላል ምልክት `#` የሚያልቀው አጭር ቁጥር ነው። እሱን ሲደውሉ ስልክዎ ከኦፕሬተሩ ጋር በቀጥታ መስመር ይከፍታል፤ የሚያዩት ዝርዝርም የተቀመጠ መልእክት ሳይሆን በዚያች ቅጽበት የሚመጣ መልስ ነው። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፣ በተራ ስልክም ይሠራል። ሌላው በር የአገልግሎቱ መተግበሪያ ነው። መተግበሪያው ክፍት ሆኖ ከቆየ ቀደም ሲል የነበረውን ቀሪ ይዞ ሊያሳይ ስለሚችል ገጹን ማደስ ወይም ዘግቶ እንደገና መክፈት ያስፈልጋል። በሁለቱም በሮች ጥንቃቄው አንድ ነው፤ አጭር ቁጥሩን እርስዎ ከሚያውቁት ይደውሉ እንጂ በመልእክቱ ላይ ከተጻፈው አይደውሉ፣ መተግበሪያውንም ከራስዎ ስልክ ይክፈቱት እንጂ በመልእክቱ ውስጥ ባለው ማገናኛ አይግቡ። «ለማረጋገጥ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» የሚል መስመር ያለው መልእክት ሲደወልለት የሚያነሳው የአጭበርባሪው ባልደረባ ነው። የሚስጥር ቁጥርዎን ሲያስገቡም ገዢው ፊትዎ መቆሙን ያስታውሱና ስልኩን ወደ ራስዎ ያዙሩት።

ከገቡ በኋላ ቀሪ ሂሳቡን ብቻ አይተው አይውጡ። ቀኑን ሙሉ ብዙ ክፍያ ለሚቀበል ሰው የቀሪው ቁጥር ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ከሐሳብ ይጠፋል። ይልቁንም የቅርብ ጊዜ ግብይቶችን ዝርዝር ይክፈቱ። ከላይ ያለው የመጀመሪያው መስመር ገቢ መሆኑን፣ መጠኑ 18,500 መሆኑን፣ ሰዓቱ የአሁኑ መሆኑን፣ የላኪው ስም ገዢው ከነገረዎ ጋር መግጠሙን ይመልከቱ። የግብይት ቁጥሩን የመጨረሻ አራት ፊደላት ገዢው ከራሱ ስልክ እንዲያነብልዎ ይጠይቁትና ከመዝገቡ ጋር ያስተያዩት። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ከመጠን ያለፈ ይመስላል፤ ነገር ግን ሌላ ዓይነት ተንኮልን ይዘጋል። ከአንድ ሰዓት በፊት ሌላ ደንበኛ በእርግጥ 500 ከፍሎ ከሆነ፣ 500 የሚያወጣ ዕቃ ይዞ «አሁን የገባው የእኔ ነው» የሚል ሰው ሊመጣ ይችላል። ገንዘቡ እውነተኛ ነው፤ የእሱ ግን አይደለም። አንድ የግብይት ቁጥር የሚያስረክበው አንድ ዕቃ ብቻ ስለሆነ፣ የተጠቀሙበትን ቁጥር በደብተር ላይ መጻፍና ምልክት ማድረግ ጥሩ ልማድ ነው።

በገዢው ስልክ ላይ ስለሚታየው ነገር ለየብቻ መናገር አያስፈልግ ይሆናል፤ ግን ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ አላልፈውም። ገዢው «ተሳክቷል» የሚል አረንጓዴ ገጽ፣ ስክሪንሾት ወይም ደረሰኝ ሲያሳይዎ የሚያዩት የእሱን ስልክ ነው። እውነተኛውን መተግበሪያ አስመስለው የተሠሩ፣ ስምና መጠን ሲሞላባቸው የስኬት ገጽ ብቻ የሚያወጡ መተግበሪያዎች አሉ። ገጹ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ገንዘቡ ወደ ሌላ ቁጥር የሄደ፣ ለነገ የተቀጠረ ወይም ገና በሂደት ላይ ያለ ሊሆን ይችላል። ቅን ሰውም በአንድ አኃዝ ስህተት ለማያውቀው ሰው ልኮ «ይኸው ተልኳል» ሊል ይችላል። በደረሰኙ ላይ ያለውን ካሬ ኮድ በስልክ ካሜራ ማንበብም ብቻውን አያድንም፤ ኮዱ የሚወስደው ኮዱን የሠራው ሰው ወደፈለገው ድረ ገጽ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ገንዘቡ በባለቤቱ ስልክ እየገባ ዕቃውን የሚያስረክበው ሌላ ሰው ሲሆን ነው። ተቀጣሪው መዝገቡን የሚያይበት በር የለውም፤ ያለው የገዢው ስልክና የገዢው ቃል ነው። ባለቤቱ ደግሞ መንገድ ላይ ነው፣ ስልኩን አያነሳም፣ ወረፋው ይረዝማል። አጭበርባሪ እንዲህ ያለውን ሰዓት አጥንቶ ነው የሚመጣው። በኋላ ጉድለቱ ከተቀጣሪው ደመወዝ ሲቆረጥ ሳይ ያሳዝነኛል፤ የሚያጣራበት መሣሪያ ሳይሰጠው በማጣራት ጉድለት መጠየቅ ፍትሕ አይደለም። ብዙ አገልግሎቶች ለነጋዴ በተለየ ሂሳብ ላይ ገቢን የማየት እንጂ የማውጣት ፈቃድ የሌለው ረዳት ተጠቃሚ እንዲመዘገብ ያስችላሉ፤ ያለው መፍትሔ ይህ ከሆነ ተቀጣሪው የራሱ መግቢያ ይኑረው። ይህ በሌለበት ቦታ ባለቤቱ መዝገቡን አይቶ ለተቀጣሪው ራሱ ይደውል። የደረሰውን መልእክት ማስተላለፍ ብቻውን አይበቃም፤ ሐሰተኛ መልእክት ሲተላለፍም ሐሰተኛ ነው።

መዝገቡ ለጥያቄ የማይመልስበት ጊዜም አለ። ኔትወርክ ይጠፋል፣ አገልግሎቱ ለጥገና ይቆማል። አጭበርባሪው ይህን ከሰማ ይደሰታል፤ «ኔትወርክ ስለሌለ ነው፣ ቆይቶ ይገባል» ለማለት ይመቸዋል። እዚህ ላይ የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዕቃው እዚያው ይቆያል። ገዢው ስሙንና ስልኩን ትቶ መመለስ፣ መጠበቅ ወይም በሌላ መንገድ መክፈል ይችላል። እምቢታውን በጨዋ ቃል አስቀድሞ ማዘጋጀት ይረዳል። «እኔ በመልእክት አላስረክብም፤ ሂሳቤ ላይ ሳየው ወዲያው እሰጥዎታለሁ» ብሎ ለሁሉም እኩል የሚናገር ሻጭ ማንንም አልሰደበም።

ከዕቃ ሽያጭ ጋር የማይገናኝ የሚመስል፣ ግን በዚሁ መልእክት የሚሠራ አንድ ተንኮል ልጨምር። የ500 ዕቃ የገዛ ሰው 5,000 ገቢ መሆኑን የሚገልጽ መልእክት ከደረሰዎ በኋላ ደንግጦ ይደውላል፤ አንድ ዜሮ ጨምሬ ላክሁ፣ እባክዎ 4,500ውን ይመልሱልኝ ይላል። ድምፁ የተጨነቀ ነው፣ ታማሚ ወይም የቤት ኪራይ ይጠቅሳል። ሻጩ ሰው ሆኖ አዝኖለት ከኪሱ ይልካል። በዚህኛው ዕቃም ጥሬ ገንዘብም ነው የሚጠፋው። መዝገቡን ቢያይ ኖሮ 5,000 የሚባል ነገር እንደሌለ ይገነዘብ ነበር። በእርግጥ ተርፎ የገባ ገንዘብ ቢኖር እንኳ ራስዎ መልሰው ከመላክ ይልቅ ላኪው በአገልግሎት ሰጪው በኩል እንዲያስመልስ መንገር ይሻላል። እርስዎ ከላኩለት በኋላ እሱ ደግሞ በስህተት ነው የላክሁት ብሎ የመጀመሪያውን ቢያስመልስ ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ።

ይህ የማስመለስ መንገድ ለዕቃ ሻጭም አንድ ገደብ ያስቀምጣል። መዝገብ ላይ የታየ ገንዘብ ገብቷል፤ ይሁን እንጂ በብዙ አገልግሎቶች ላኪው ቶሎ ካመለከተ አከራካሪው መጠን ሊታገድ ይችላል። ውድ ዕቃ ሲሸጡ የግብይት ቁጥሩን፣ የገዢውን ስምና የዕቃውን መለያ የያዘ አጭር የሽያጭ ወረቀት ማስፈረም ለዚህ ነው። አቤቱታ ቢመጣ ገንዘቡ በስህተት ሳይሆን በሽያጭ የመጣ መሆኑን የሚያሳይልዎ እሱ ነው።

የተታለለ ሰው ደግሞ ሐሰተኛውን መልእክት በንዴት ባያጠፋው ይሻለዋል። በመልእክቱ ላይ ያለው የግብይት ቁጥር በመዝገቡ ውስጥ እንደሌለ አገልግሎት ሰጪው ሊያረጋግጥ ይችላል፤ ያ ማረጋገጫ ለፖሊስ የሚቀርብ ማስረጃ ነው። የመጣበት ሰዓትና ከዚያ በፊት ገዢው የደወለበት ስልክ ቁጥርም እንዲሁ።

አሁን ያው ላፕቶፕ፣ ያው ዋጋ፣ ሌላ ገዢ እናስብ። ይህች ገዢ ላከች፤ የሻጩ ስልክ ግን ዝም አለ። አምስት ደቂቃ ጠበቁ፣ ምንም የለም። በድሮው ልማድ ቢሆን ሻጩ ፊቱ ይቋጠር፣ ገዢዋም ታፍር ነበር። በዚህ ጊዜ ግን አጭር ቁጥሩን ደውሎ ዝርዝሩን ከፈተ። የመጀመሪያው መስመር ገቢ 18,500 ይላል፣ ስሟ አለ፣ ቀሪው 20,640 ነው። የግብይት ቁጥሩን መጨረሻ አነበበችለት፣ ገጠመ። ላፕቶፑን ከነቻርጀሩ አስረከባት። የአገልግሎቱ መልእክት የደረሰው እሷ ከሄደች ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው።